ሱቁ አለ፣ ሰውየው የለም

ባሕር ዳር ሆኜ፣ አዲስ አበባ ነኝ ከሚል የቴሌግራም ሻጭ ላፕቶፕ ልገዛ ነበር። ዋጋው 62,000 ብር፣ ቀብዱ 15,000። ሰውየው ትሑት ነው። "ወንድሜ፣ ካላመንክ ሱቃችን ይኸው" ብሎ ሦስት ነገር ላከልኝ፦ ሎኬሽን፣ የሱቅ ፎቶና የንግድ ፈቃድ።

ሥራዬ አፕ መሥራት ስለሆነ ከሎኬሽኑ ልጀምር። ቴሌግራም ላይ ካርታውን ጎተት አድርጎ የፈለጉትን ቦታ መላክ ይቻላል። እኔ ራሴ ከአልጋዬ ሳልነሳ ቦሌ ነኝ ማለት እችላለሁ። ላይቭ ሎኬሽን ስልኩን ስለሚከተል ትንሽ ይሻላል። ግን አንድሮይድ ስልክ ላይ ለአፕ ሠሪዎች ተብሎ የተቀመጠ፣ ስልኩ ሌላ ቦታ ያለ እንዲመስል የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ እኔ ለሥራ እጠቀምበታለሁ፣ አጭበርባሪም ይችላል።

ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ etrade.gov.et ላይ ፈለግኩት። ትክክለኛ ነው፣ አድራሻውም ከሎኬሽኑ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን የሰጠኝን ቁጥር ቴሌብር ላይ ሳስገባ የወጣው ስም ሌላ ሆነ። "የሠራተኛዬ ነው" አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ብቻውን አይፈርድም።

ልብ ካላችሁ፣ እስካሁን ያየሁት ሁሉ እሱ የመረጠልኝን ነው። ስለዚህ ለሻጩ ምንም ሳልናገር እዚያ ሰፈር የሚሠራውን የአክስቴን ልጅ ላክሁት። ሕንፃው አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሱቁም አለ፣ ፎቶው ላይ ያለው ራሱ። ባለቤቱ ግን ስልክ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ፈቃዱም የእሱ ነው። "ላፕቶፕ ብለህ ስትመጣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነህ" አለው። አንድ ሰው የሱቁን ፎቶና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንስቶ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ "ቦታው እውነት ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጥያቄው "ይሄ የሚያወራኝ ሰው እዚያ ይገኛል ወይ?" ነው።

የሚልኩት ዘመድ ከሌላችሁ፣ ቀጠሮ ሳትይዙ በቪዲዮ ደውሉለት። ከሕንፃው በር ጀምሮ ሳያቋርጥ እስከ ሱቁ ይውሰዳችሁ፤ ከዚያ ጎረቤቱን "ይሄ ሱቅ የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የኔውን ሰውዬ ይህን ስጠይቀው መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ቀጥሎ ካሜራው ተበላሸ፣ በመጨረሻ እኔ ብሎክ ተደረግኩ።

በርግጥ ቪዲዮውም የሚያሳየው ሰውየው ዛሬ እዚያ መኖሩን ብቻ ነው። ነገ ቆልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በኋላ ላፕቶፑን ከሌላ ሱቅ ስገዛ ቀብድ የሚባል ነገር አልላክሁም፤ የአክስቴ ልጅ ሱቁ ውስጥ ከፍቶ አየው፣ ደረሰኝ ተቀበለ፣ ያኔ ከፈልኩ።