ፎቶው ላይ ያልገባችው «/5ml»

ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አካባቢ ባሉት ፋርማሲዎች ቆም ብላችሁ ብታዩ፣ ብዙ ሰው ከማዘዣ ወረቀት ይልቅ ስልኩን ነው የሚዘረጋው። «ይሄ አላችሁ?» ይላል። ስክሪኑ ላይ የባዶ ጠርሙስ ፎቶ አለ፤ እህት ወይም ጎረቤት በቴሌግራም የላከችው። የመድኃኒቱ ስም ይነበባል፣ በትልቁ የተጻፈው ቁጥርም ይነበባል። ጠርሙስ ግን ክብ ነውና ከቁጥሩ ቀጥላ ያለችው «/5ml» ወደ ጎን ዞራለች፣ ወይም አውራ ጣት ሸፍኗታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ የተደበቀችው ክፍል ናት።

ኪኒን ላይ ይህ ችግር የለም። የፓራሲታሞል ማሸጊያ 500mg ካለ፣ አንዷ ፍሬ ውስጥ 500 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። ሽሮፕ ግን በፍሬ አይቆጠርም፣ ይለካል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለው 250 ብቻውን ምንም አይነግረንም። በ5 ሚሊ ውስጥ ነው? በ1 ሚሊ ውስጥ ነው? ወይስ ጠቅላላ ጠርሙሱ ውስጥ? ኪኒን የለመደ ዓይን ቁጥሩን አይቶ «ባለ 250ው ነው» ብሎ ያልፋል።

10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አተኩሶታል እንበል፤ የጤና ባለሙያው በኪሎ 15 ሚሊግራም አስልቶ ለአንድ ጊዜ 150 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አዘዘለት። ይህ መጠን አይለወጥም። የሚለወጠው የፈሳሹ ልክ ነው። ጠርሙሱ 120mg/5ml ከሆነ 6 ሚሊ ከሩብ ይሰጠዋል። 250mg/5ml ከሆነ 3 ሚሊ ብቻ ይበቃዋል። ለጨቅላዎች የሚሠራው ጠብታ 100mg/ml ከሆነ ደግሞ አንድ ሚሊ ተኩል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የታዘዘውን ሚሊግራም በ5 አባዝቶ ከ«/5ml» ፊት ባለው ቁጥር ማካፈል። ጠብታው ላይ ማባዛት አያስፈልግም፣ በ100 ማካፈል ብቻ ነው።

አሁን ስሕተቱን እንይ። እናት ቤት ያለው ጠብታ ነው። አንዱ ጎረቤት ግን ከሽሮፕ ልማዱ ተነስቶ «አንድ የሻይ ማንኪያ ስጪው» አላት። 5 ሚሊ ጠብታ ማለት 500 ሚሊግራም ነው፤ የአንድ አዋቂ ሙሉ ፍሬ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ። በቀን አራት ጊዜ ቢደገም 2,000 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለዚህ ልጅ በቀን 600 አካባቢ ማለፍ አልነበረበትም። የሚጎዳው ጉበት ነው። ክፉው ነገር ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደህና መምሰሉ ነው፤ ቢያስመልሰው ወይም ምግብ እምቢ ቢል እንኳ «ከትኩሳቱ ነው» ይባላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን በደንብ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ለጠብታው የተነገረው አንድ ሚሊ ተኩል ከ120mg/5ml ጠርሙስ ከተቀዳ ልጁ የሚያገኘው 36 ሚሊግራም ነው። ትኩሳቱ አይወርድም፤ ወላጅም «መድኃኒቱ የውሸት ነው» ብሎ ሌላ ፍለጋ ይወጣል።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጨቅላ ጠብታው ከትልልቅ ልጆች ሽሮፕ ሦስት እጥፍ ይወፍር ነበርና ወላጆች ይሳሳቱ ነበር፤ በ2011 አምራቾቹ ጠብታውንም ወደ ሽሮፑ 160mg/5ml ለማምጣት ተስማሙ። ከዚያ በሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ «አሴታሚኖፌን» ተብሎ የተጻፈው ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ቁጥሩ ግን እዚህ ከለመድነው 120 ይለያል። የዚያንና የዚህን ጠርሙስ አንድ ላይ መስጠት መጠኑን መደረብ ነው።

ስለዚህ ጠርሙስ ፎቶ ስታነሱ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቁጥሩና ቀጥሎ ያለው መስመር በአንድ ፎቶ ላይ ይግቡ፤ ካልገቡ ሁለት ፎቶ አንሱ። በተለይ «100mg/ml» እና «100ml» በደበዘዘ ፎቶ ላይ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው የመድኃኒቱ ጉልበት ነው፣ ሁለተኛው የጠርሙሱ ልክ። ፋርማሲ ስትደርሱ የሰጣችሁን ባለሙያ «ስንት ሚሊግራም፣ ያ ስንት ሚሊ ይሆናል?» ብላችሁ ሁለቱንም ካርቶኑ ላይ አስጽፉት። መርፌ የሌለው ባለ 5 ሲሲ ሲሪንጅ ጠይቁና ልኩ ጋ በእስክሪብቶ እንዲያሰምርላችሁ አድርጉ፤ የቤት ማንኪያ ሁሉ አንድ ልክ አይደለም፣ የሌላ ጠርሙስ ክዳንም አይሆንም። በቴሌግራም ስለ ሽሮፕ ለምትጠይቃችሁ ዘመድ ደግሞ «አንድ ማንኪያ ስጪው» ከማለታችሁ በፊት የልጁን ኪሎና የጠርሙሱን ሙሉ ጽሑፍ ላኪልኝ በሏት።