ሦስት ሚዛን ለአንድ ወፍጮ

አንድ ባለ ወፍጮ አሮጌ ሞተሩን በአዲስ ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልተወው ብሎ ሲያመነታ፣ የትምህርት መጻሕፍታችን ሦስት ሚዛን ያቀርቡለታል። አንደኛው የመመለሻ ጊዜ ይባላል፤ የወጣው ገንዘብ በስንት ጊዜ ተመልሶ ከእጅ እንደሚገባ ይጠይቃል። ሁለተኛው የውስጥ ትርፍ መጣኔ ነው፤ ገንዘቡ በዓመት ከመቶ ስንት እንደሚያፈራ ይጠይቃል። ሦስተኛው የተጣራ የዛሬ ዋጋ ነው፤ ወደፊት የሚገባው ሁሉ በዛሬ ዋጋ ተተምኖ ወጪው ሲቀነስለት ስንት እንደሚተርፍ ይጠይቃል። ሦስቱ አንድ ቃል ሲናገሩ ችግር የለም። ችግሩ ሲጣሉ ነው፤ እኛም እዚህ የምንጽፈው ስለ ጠባቸው ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ በዳባት ወረዳ፣ በናፍታ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ያለው አጎት አለን። ያገሩ ሰው ገብሱንና ስንዴውን የሚያስፈጨው ከእርሱ ዘንድ ነው። የናፍታው ወጪ እየከበደው ስለ ሄደ ወደ መብራት ሞተር ለመዞር አስቧል። ያለውም ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ወፍጮውን እንዳለ ትቶ ሞተሩን ብቻ መለወጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩንም ወፍጮውንም አንድ ላይ መለወጥ ነው። ባለፈው ክረምት ይህን ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለን አሰላን። ቁጥሮቹን ለአንባቢ እንዲቀሉ አጠጋግተናቸዋል።

መጀመሪያ ያከራከረን የአሮጌው ሞተር ዋጋ ነበር። አጎታችን «እናንተ ልጆች፣ ይህ ሞተር እኮ የገዛሁበትን ገና አልመለሰልኝም፤ እንዴት እጥለዋለሁ?» አለን። እኛም «የገዙበት ገንዘብ ቢለውጡትም ባይለውጡትም አይመለስም፤ ዛሬ ቢሸጡት ስንት ያወጣል?» አልነው። ሃምሳ ሺህ ብር እንደሚያወጣ ነገረን። በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ይህ ሃምሳ ሺህ ብቻ ነው። ያለፈው ወጪ ያለፈ ነውና የሚመዘነው ከዛሬ ጀምሮ የሚለየው ገንዘብ ነው። በዚሁ ምክንያት ከአዲሱ ሞተር የሚገኘውን ገቢ ሁሉ ሳይሆን፣ አዲሱ ከአሮጌው አብልጦ የሚያስገባውን ወይም የሚያተርፈውን ብቻ ቆጠርን።

ሞተሩን ብቻ ለመለወጥ 200,000 ብር ያስፈልጋል። የአሮጌው ሽያጭ ሲቀነስ 150,000 ብር ይሆናል፤ በየዓመቱም 75,000 ብር ያተርፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመለወጥ 500,000 ብር ይጠይቃል፤ የአሮጌው ሽያጭ ሲቀነስ 450,000 ብር ይሆናል። አዲሱ ወፍጮ በሰዓት ብዙ እህል ስለሚፈጭና ጥገናው ስለሚያንስ በየዓመቱ የሚያስገኘው ብልጫ 180,000 ብር ነው። ሁለቱም ለስድስት ዓመት ያገለግላሉ ብለን ወሰንን።

በመመለሻ ጊዜ ሚዛን የመጀመሪያው በሁለት ዓመት፣ ሁለተኛው በሁለት ዓመት ተኩል ገንዘቡን ይመልሳል። ትንሹ ረታ። የውስጥ ትርፍ መጣኔም ትንሹን ደገፈ፤ ለመጀመሪያው ከመቶ 44 ተኩል ያህል፣ ለሁለተኛው ከመቶ 33 ያህል ወጣ።

ወደ ሦስተኛው ሚዛን ለመሄድ የገንዘብን የዓመት ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። አጎታችን የሚበደረው በዓመት ከመቶ 20 ወለድ ነው እንበል። እንዲህ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚገኝ አንድ ብር ዛሬ 83 ሳንቲም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኘው 69 ሳንቲም፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚገኘው ደግሞ 33 ሳንቲም ብቻ ያወጣል። የስድስቱ ዓመት ሲደመር በየዓመቱ የሚገባ አንድ ብር ዛሬ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ያህል ነው ማለት ነው። በዚህ ሲሰላ የመጀመሪያው ምርጫ ወጪውን ሸፍኖ 99,000 ብር ያህል፣ ሁለተኛው 149,000 ብር ያህል ይተርፈዋል። እዚህ ላይ ትልቁ ረታ።

ታዲያ ማን ይታመን? ከመቶ 44 ተኩል የሚያፈራ 150,000 ብር በመቶኛው ይኮራል እንጂ፣ ባለቤቱ ከገበያ ወጥቶ የሚበላው ብር እንጂ መቶኛ አይደለም። ጠቡን የሚፈታው ጥያቄ አንድ ነው፤ ትልቁን ለመምረጥ የሚጨመረው 300,000 ብር ራሱን ችሎ ያዋጣል ወይ? ይህ ጭማሪ በየዓመቱ 105,000 ብር ተጨማሪ ያስገኛል፤ መጣኔውም ከመቶ 26 ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለት ምርጫዎችን በልዩነታቸው የሚያመዛዝነው በዚህ ዓይነት መንገድ ነበር። ብድሩ ከመቶ 20 ከሆነ ጭማሪው ያዋጣል። አበዳሪው ከመቶ 30 ከጠየቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የትንሹ ትርፍ 48,000 ብር፣ የትልቁ 26,000 ብር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ወለዱን ሳይናገር ትልቁ ይሻላል ወይም ትንሹ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር ግማሹን ሒሳብ ደብቆ ነው።

አጎታችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ «መብራቱ ሲጠፋስ?» አለን። ሁለት ዓመት ያለፈ ነገር አልቆጥርም የሚለውም ከመሬት ተነሥቶ አይደለም፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ እንደ ነበር ያገሩ ሰው አይረሳውም። የመመለሻ ጊዜ ሚዛን በገበሬውና በነጋዴው ዘንድ የሚወደደው ገንዘቡ ለአደጋ የሚጋለጥበትን ዘመን ስለሚያሳጥር ነው። ጉድለቱ ግን ከተመለሰ በኋላ የሚገባውን ገንዘብ ጨርሶ አለማየቱ ነው። ስድስት ዓመት የሚያገለግለውንና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ የሚያገለግለውን በአንድ ዓይን ያያል።

ስለዚህ ዓመቶቹን ከመቁረጥ ይልቅ ሥጋቱን በዓመቱ ገቢ ውስጥ አስገባነው። መብራት በመጥፋቱ ምክንያት የሁለቱም ዓመታዊ ብልጫ በሩብ ቢቀንስ ትንሹ 56,250 ብር፣ ትልቁ 135,000 ብር ያስገባሉ። በከመቶ 20 ሲተመን ትንሹ አሁንም 37,000 ብር ይተርፈዋል። ትልቁ ግን አንድ ሺህ ብር ያህል ይከስራል። የ500,000 ብሩ ምርጫ ነፍስ የተንጠለጠለችው መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ቁጥር ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም ከሦስቱ ሚዛን አንዱም በራሱ አይነግረንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የባንክ ወለድ የኑሮ ውድነቱን ግምት አዝሎ የሚመጣ ነው። የማስፈጫው ዋጋ ግን በየዓመቱ አንድ ነው ብለን ከጻፍን፣ ወለዱን በነገው ብር፣ ገቢውን በዛሬው ብር ለክተናል፤ ሩቅ ዓመት የሚገባውንም ገንዘብ ያለ አግባብ እናሳንሰዋለን። ስለዚህ ወይ ከወለዱ የውድነቱን ግምት ማውጣት፣ ወይ የማስፈጫውን ዋጋ ከዓመት ዓመት ከፍ እያደረጉ መጻፍ ነው።

ለአጎታችን ያልነው ይህን ነው። ብድሩን ከመፈረሙ በፊት ከጎረቤት የመብራት ወፍጮ ዘንድ ሄዶ፣ በሦስት ወር ውስጥ ስንት ቀን ያለ ሥራ እንደሚቆም በደብተር ይመዝግብ። ከአራት ቀን አንዱ ከቆመ ሞተሩን ብቻ ይለውጥ። ከአሥር ቀን አንዱ ብቻ ከቆመ ግን በከመቶ 20 ወለድ ትልቁ ምርጫ ከትንሹ 14,000 ብር ያህል በልጦ ይገኛልና፣ መመለሻው በግማሽ ዓመት ስለ ዘገየ ብቻ አይተወው።