የተመላሿ አንደበት

በመድረሳችን የሚማሩ ወጣቶች ለዓመቱ መዝጊያ የሚያቀርቡትን ጭውውትና አጭር ታሪክ ሲጽፉ፣ ረቂቁን እንዳይላቸው ያመጡልኛል። በብዛት የሚገጥመኝ ገጸ ባሕርይ ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅት ናት። ይህም አያስገርምም፤ በ2006 ዓ.ም. ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ነገር ግን ይህች እኅት በወረቀት ላይ አፏን ስትከፍት ብዙውን ጊዜ መሳቂያ ትሆናለች። ከታዳሚው መካከል ግን ልጇ ገና ጅዳ ያለች እናት ተቀምጣለች፤ ሪያድ ኖራ የመጣች ልጅም አለች። ስለዚህ የተመላሿን ንግግር በትክክል መጻፍ የቋንቋ ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር። ልጅቱ ከአውሮፕላን ወርዳ ቤቷ ስትደርስ እናቷን «መርሐባ እማዬ! ከይፈ ሓሉኪ? አነ ጂእቱ ሚነ ሪያድ! ሹክረን!» ትላታለች። አዳራሹ ይስቃል። ሆኖም እንዲህ የምትናገር ተመላሽ በምድር ላይ የለችም። ይህ ዐረብኛ የነሕው ኪታብ ዐረብኛ ነው፤ እርሷ ግን ቋንቋውን የተማረችው በኪታብ ሳይሆን በወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ እናቷ ዐረብኛ አታውቅም። ሰው ደግሞ ለማይሰማው ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሰላምታ አያቀርብም።

እንግዲህ ጸሐፊው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ስንት የዐረብኛ ቃል ልጨምር?» የሚል አይደለም፤ «አሁን የምታናግረው ማንን ነው?» የሚል ነው። አንዲት ሴት ሦስት ዓይነት አነጋገር አላት።

የመጀመሪያው ከአሠሪዋ ጋር የምትናገረው ነው። ይህ አጭርና የተሰባበረ ዐረብኛ ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞችና አሠሪዎች ለመግባባት የፈጠሩት ነው። ደሞዝ እንዳልተከፈላት ለመናገር «ማዳም፣ አና ራቲብ ማፊ» ትላለች። «ማፊ» የሚለው ቃል «የለም»ንም «አይደለም»ንም «አል...ም»ንም ተክቶ ይሠራል። ፊዳ ቢዝሪ የተባሉ ተመራማሪ በሊባኖስ የሚሠሩ የስሪላንካ ሴቶችን ዐረብኛ አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ልብ የሚነካ ነገር አሳይተዋል። የሴቶቹ ግሦች በአብዛኛው የተገኙት ለሴት ከሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት «አምጪ»፣ «ነይ»፣ «አጽጂ» የሚለውን ነውና። ስለዚህ «ጂቢ» የሚለው «አምጪ» በአንደበታቸው «አመጣሁ»ም ይሆናል። ዐረብኛን በኪታብ የቀራን ሰዎች ይህን ስንሰማ ለማረም እንቸኩላለን። ጸሐፊ ግን አያርመው፤ በዚያ በተሰበረ ግሥ ውስጥ የሴትየዋ ኑሮ ተጽፏል።

ሁለተኛው ከእናቷ ጋር የምትናገረው ነው። እዚህ ላይ ንግግሩ አማርኛ ነው፤ ዐረብኛው የሚገባው አማርኛ ስም ያልሰጠውን ነገር ለመጥራትና የአሠሪዋን ቃል እንዳለ ለመጥቀስ ብቻ ነው። ያ ረቂቅ ከታረመ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ታዲያ ምን ብለሽ ወጣሽ?»

«ምን እላለሁ እማዬ። ከፊሉ ኢቃማዬን ተጅዲድ አላደረገልኝም። ማዳምን ደሞዜን ስላት ‹ቡክራ› ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡክራ።»

«ቡክራ ምንድን ነው?»

«ነገ ማለት ነው እማዬ።»

አንባቢ ሆይ፣ ሰዋስዉን ልብ በል። «ኢቃማዬን» በሚለው ቃል ውስጥ ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «የእኔ» የሚለውን የሚያመለክተው ቅጥያና የመጨረሻው «ን» ግን አማርኛ ናቸው። ማደስ የሚለው ሐሳብ ደግሞ «ተጅዲድ አደረገ» ሆኖ መጣ። አማርኛ የባዕድ ቃልን ወደ ግሥ የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ በ«አደረገ»፣ በ«አለ» ወይም በ«ሆነ» እየደገፈ ነው። የዐረብኛውን ግሥ በዐረብኛ እርባታው እንዳለ አምጥቶ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል መሰንቀር ግን ጆሮ የማይቀበለው ነው። የቃሉም ትርጉም በቅንፍ አልተቀመጠም፤ እናትየዋ ስላልገባት ጠየቀች። ይህን ዘዴ ግን በአንድ ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም አይገባም፤ ቢደጋገም እናትየዋ መዝገበ ቃላት ትሆናለች። ሌሎቹን ቃላት አንባቢው ከአገባባቸው እንዲረዳቸው መተው ይሻላል።

ሦስተኛው አብራት ከተመለሰች ጓደኛዋ ጋር የምትናገረው ነው። እዚህ ቅልቅሉ ይበዛል፤ ማንም ለማንም አያስረዳም። «ኹሩጅ ተመታልሽ?» «የት! ተርሒል ሦስት ሳምንት ከረምሁ፣ ከዚያ ኸላስ፣ ጫኑን።» «ኹሩጅ» የመውጫ ፈቃድ፣ «ተርሒል» ደግሞ ተባራሪዎች የሚቆዩበት ስፍራ መሆኑን ሁለቱም ኖረውበት ያውቁታል። ይኸው ንግግር እናትየዋ ቡና ይዛ ስትገባ ይቀንሳል። ይህን ለውጥ በወረቀት ላይ ማሳየት ከሃምሳ የዐረብኛ ቃላት ይልቅ ንግግሩን እውነተኛ ያደርገዋል።

አንድ ሌላ ነገር በእኛ ሰፈር ያሉ ጸሐፊዎች ሊጠነቀቁበት ይገባል። «አልሐምዱሊላህ»፣ «ኢንሻአላህ»፣ «ወላሂ» የሚሉት ቃላት ለተመላሿ ምልክት ሊሆኑ አይችሉም። የወሎ ወይም የጅማ ልጅ እነዚህን የምትለው ፓስፖርት ከማውጣቷ በፊት ነው፤ አያቷም ይሉታል። ከሪያድ ይዛው የመጣችው «ኸላስ»ን፣ «ያላ»ንና «ማፊ»ን ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ጸሐፊ ተመላሿንም የአገሩን ሙስሊምም አያውቃቸውም ማለት ነው።

የአማርኛዋንም ድምፅ ማበላሸት አይገባም። በሃያ ዓመቷ ሄዳ ሦስት ዓመት የቆየች ሴት «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ» አትልም። ባሕር ማዶ የተወለደ ልጅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ንግግሩ ዐረብኛ ሆኖ «እማዬ»ና «እንጀራ» በመካከሉ ይገባሉ። ሁሉም ተመላሽ ይቀላቅላል ማለትም አይደለም። የሚሳቅባት መስሏት አንዲትም የዐረብኛ ቃል ከአፏ የማታወጣ አለች፤ ዝምታዋም እንዲሁ ሊጻፍ ይገባል።

የተጻፈው ትክክል መሆኑን ለማወቅ እኔ ለተማሪዎቼ ሁለት መፈተኛ እሰጣለሁ። አንደኛው፣ የባዕዱን ቃል አውጥቶ በቦታው አማርኛ ማስገባት ነው። «መርሐባ»ን በ«እንደምን ነሽ» ብትተካው የሚጎድል ነገር የለም፤ ስለዚህ ይውጣ። «ከፊል»ን በ«አሠሪ» ብትተካው ግን ወረቀቷና መውጫዋ በዚያ ሰው እጅ መሆኑ ይጠፋል፤ ስለዚህ ይቆይ። ሁለተኛው፣ አድማጩ የሚስቅበትን ቦታ ማየት ነው። የማዳሟ «ቡክራ» ሁለት ዓመት መፍጀቱ መራራ ሳቅ ቢያስቅ መልካም ነው። ሳቁ የመጣው ከልጅቱ አነባበብ ከሆነ ግን ያ መስመር ይሰረዝ። ከሁሉም በኋላ ጽሑፉን ከዚያ ለተመለሰች አንዲት እኅት ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ «እንዲህስ አንልም» ያለችበት መስመር እንደገና ይጻፍ።