ቀስ ብሎ የሚነሣ መንኮራኩር

በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የፈተና ጥያቄ ይመስላል። ፍጥነቱ እየጨመረ በሚሄድ ፍላይዊል፣ ማለትም በሞተር ላይ በሚታሰረው ከባድ መንኮራኩር ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ ብንመርጥ፣ ነጥቧ ምን ያህል ትሮጣለች? ፍጥነቷ በየሰከንዱ በስንት ይጨምራል? ወደ መሃልስ በምን ያህል ትሳባለች? ሙስካት የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነገሩ ከፈተና አልፎ የሰው ደኅንነት ጉዳይ መሆኑን ያየነው ከሀገር ቤት በመጣ አንድ መልእክት ምክንያት ነው።

የአንዱ ጓዳችን ታላቅ ወንድም በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ወፍጮ ቤት አላቸው። ወፍጮውን ለብዙ ዓመት ያዞረው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 650 ዙር ነው። ከጎኑ የታሰረው ፍላይዊል ከካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ሲሆን ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። አሁን መብራት ስለገባ በደቂቃ 1450 ዙር የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝተዋል። «ያንን የመሰለ ከባድ መንኮራኩር ለምን እጥለዋለሁ? በአዲሱ ሞተር ዘንግ ላይ ላስረው ነው። ሞተሩ ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መሣሪያ ስላለው መንኮራኩሩን አያስጨንቀውም። አንተና ጓደኞችህ ተምራችኋልና እስቲ ተነጋገሩበት» ሲሉ ለወንድማቸው ጻፉ።

መልእክቱ በአል ኹድ ማደሪያችን ሲነበብ በመካከላችን ሁለት አቋም ተፈጠረ። አንደኛው ወገን «ብረትን የሚሰብረው ድንገተኛ መንጠቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተነሣ ምን ይሆናል?» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አነሣሡ ሳይሆን የሚደርስበት ፍጥነት ነው ወሳኙ» አለ። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ የሚቋጭ ስላልነበረ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተስማማን።

በመጀመሪያ ሦስቱን መጠኖች ለይተን እናስቀምጥ። መንኮራኩሩ በአንድ ሰከንድ የሚዞረውን ማዕዘን በራዲያን ለክተን ω ብንለው፣ ከመሃሉ r ያህል ርቃ ያለች ነጥብ የመስመር ፍጥነት v = ω r ነው። መንኮራኩሩ እየፈጠነ ከሄደ ω ራሱ ያድጋል፤ በሰከንድ የሚያድግበትን መጠን α እንበለው። በዚህ ጊዜ ነጥቧ ሁለት ዓይነት ፍጥንጥነት በአንድነት ይኖራታል። የመጀመሪያው የጠርዙን አቅጣጫ ይዞ የሚሄደውና ሩጫዋን የሚጨምርላት ነው፤ መጠኑ α r ነው። የጠርዝ ፍጥንጥነት እንለዋለን። ሁለተኛው አቅጣጫዋን የሚያጥፈውና ክቡን እንዳትለቅ ወደ መሃል የሚስባት ነው፤ መጠኑ ω² r፣ ወይም በሌላ አጻጻፍ v² / r ነው። የማዕከል ፍጥንጥነት እንለዋለን። ሁለቱ ሁልጊዜ በቀጤ ማዕዘን የቆሙ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የጠርዝ ፍጥንጥነት በ α ብቻ ስለሚወሰን፣ α ካልተለወጠ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ያው ነው። የማዕከል ፍጥንጥነት ግን ከዜሮ ተነሥቶ በ ω ካሬ ያድጋል። መቼ ይበልጠዋል? ከቆመበት ተነሥቶ በእኩል α የሚፈጥን መንኮራኩር θ ያህል ማዕዘን ሲዞር ω² = 2αθ እንደሚሆን ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ የማዕከሉን ፍጥንጥነት ለጠርዙ ብናካፍል r ይጠፋል፣ α ይጠፋል፣ የሚቀረው 2θ ብቻ ነው። ይህም ማለት መንኮራኩሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ፈጥኖ ይነሣ ቀስ ብሎ፣ ግማሽ ራዲያን ማለትም 29 ዲግሪ ገደማ እንደዞረ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ የማዕከሉ 12.6 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የማዕከሉ ነው።

ይህን በወረቀት ብቻ እንዳንተወው አንድ ብስክሌት ገልብጠን በረንዳ ላይ ባለ ጠረጴዛ አቆምነው። በፊተኛው መንኮራኩር እምብርት ላይ ክር ጠቅልለን ግማሽ ሊትር ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠለጠልንበት፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ምልክት አድርገን በስልክ ቀረጽነው። ጠርሙሱ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ዙር 4 ሰከንድ ያህል ወሰደ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ α በእርግጥ እኩል መሆኑን ሳናረጋግጥ በቀመሩ ብንሠራ ቀመሩ ራሱን መልሶ ይነግረናል እንጂ ምንም አላየንም። ማረጋገጫው ሁለተኛው ዙር ነው። α እኩል ከሆነ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን 0.41 እጥፍ፣ ማለትም 1.7 ሰከንድ ገደማ መውሰድ አለበት። ፊልሙ ላይም ያንኑ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። በ4 ሰከንድ አንድ ዙር ማለት α 0.79፣ በዙሩ መጨረሻም ω 3.14 ነው። የመንኮራኩሩ ሬዲየስ 33 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ምልክቱ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይሮጣል። የጠርዝ ፍጥንጥነቱ 0.26፣ የማዕከል ፍጥንጥነቱ 3.3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ቀጥለን አንድ ሊትር ውኃ ሰቀልንበት፤ የመጀመሪያው ዙር ወደ 2.8 ሰከንድ አጠረ። የጠርዙ 0.53 ሆነ፣ የማዕከሉም 6.6። ሁለቱም በእጥፍ አደጉ፤ ሬሾው ግን ያው 12.6 ነው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ወገን ጓዶቻችን ዝም ብለው ፊልሙን ደግመው አዩት።

አሁን ወደ ወፍጮው እንመለስ። የፍላይዊሉ ሬዲየስ 0.30 ሜትር ነው። በናፍጣው ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ሲዞር ω 68 ነው፤ ጠርዙም በሰከንድ 20.4 ሜትር ይሮጥ ነበር። የማዕከል ፍጥንጥነቱ 1390 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ማለትም የመሬት ስበት 140 እጥፍ ገደማ ነው። ይህንን ለዓመታት ችሎታል። በ1450 ዙር ግን ω 152 ገደማ ይሆናል፤ ጠርዙ በሰከንድ 45.6 ሜትር፣ በሰዓት 164 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የማዕከል ፍጥንጥነቱ 6900 ይደርሳል። ፍጥነቱ 2.2 እጥፍ ብቻ ሲያድግ የመሃሉ ስበት 5 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ቀስ ብሎ መነሣቱስ? ሞተሩ 30 ሰከንድ ወስዶ ቢነሣ የጠርዝ ፍጥንጥነቱ 1.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በ3 ሰከንድ ቢነሣ 15 ይሆናል። ሁለቱም በ6900 ፊት ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም፤ 6900ው ደግሞ በሁለቱም አነሣሥ አንድ ነው። ማስነሻ መሣሪያው ለሞተሩ ሽቦ፣ ለቺንጋውና ለዘንጉ ቁልፍ ይጠቅማል። ለጠርዙ ግን የሚያደርግለት ነገር የለም።

ጠርዙን በእርግጥ የሚጎዳው ምንድን ነው? እያንዳንዱን የጠርዝ ቁራሽ ወደ መሃል የሚስበው ሌላ ነገር ሳይሆን ጎረቤቱ የሆነው ብረት ነው። ስለሆነም ቀለበቱ በሙሉ ይወጠራል። ክንዶቹን ለጊዜው ትተን ስስ ቀለበት ብለን ብንወስደው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ውጥረት ρv² ነው፤ ρ የብረቱ ጥግግት ነው። ካስት አይረን በኪዩቢክ ሜትር 7200 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በቀድሞው ፍጥነት ውጥረቱ 3 ሜጋ ፓስካል፣ በአዲሱ 15 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ካስት አይረን በመጽሐፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይችላል፤ ታዲያ ምን ያስፈራል የሚል ይኖራል። የሚያስፈራው ብረቱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚቀረው ስውር ውጥረት፣ በውስጡ የሚቀሩት የአየር ቀዳዳዎችና ክንዱ ከጠርዙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚደርስበት መታጠፍ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ሳይለመጥ፣ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ከዚህ የተነሣ የቆዩ መሐንዲሶች ለካስት አይረን ጠርዝ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ወሰን አድርገው ይዘዋል። በዚያ ወሰን የእኛ ፍላይዊል በደቂቃ ከ955 ዙር ማለፍ የለበትም።

በዋዲ ከቢር የሞተር ጥገና ሠፈር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ያረጀ ፍላይዊል እንዴት እንደሚመረመር አሳይተውናል። መንኮራኩሩን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መምታት ነው፤ እንደ ደወል ከጮኸ ደኅና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ነጭ ጋዝ መቀባት፣ ቆይቶ በደንብ መወልወል፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። በተለይ ክንዶቹ ከጠርዙ የሚገናኙበትን ሥር ማየት ያስፈልጋል። ይህ ምርመራ ግን የተሰነጠቀውን ለመጣል ይረዳል እንጂ ደኅናውን ለ1450 ዙር አያበቃም።

ለጓዳችን ወንድም የላክነው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛ፣ ፍላይዊሉን በአዲሱ ሞተር ዘንግ ላይ እንዳያስሩት። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተር ከባድ መንኮራኩር ያስፈለገው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገፋ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለማቋረጥ ስለሚገፋ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ እህል በበዛ ጊዜ ወፍጮው እንዳይዝል የግድ ክብደት ከፈለጉ፣ ተመርምሮ ደኅና ሆኖ የተገኘውን ፍላይዊል በወፍጮው ዘንግ ላይ አስረው ዘንጉን በቀድሞው 650 ዙር ያኑሩት። ለዚህም በሞተሩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በወፍጮው ላይ 22.3 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፑሌጃ ይበቃል።

ለአንባቢ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። የ2θ ሕግ የሚሠራው α እኩል ሲሆንና መንኮራኩሩ ከቆመበት ሲነሣ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በአነሣሡ ላይ አንድ ዓይነት ጉልበት አይሰጥም። ያም ሆኖ v = ω r እና v² / r በየቅጽበቱ እውነት ናቸው፤ የመጨረሻው ፍጥነት ከታወቀ የማዕከሉ ፍጥንጥነት ያለ አነሣሡ ታሪክ ይታወቃል። ቁራሽ ቢላቀቅ ደግሞ ወደ ውጭ በሬዲየሱ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ይሮጥበት በነበረው በጠርዙ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተር በሚነሣበት ጊዜ በመንኮራኩሩ ፊትም ሆነ ኋላ አይቆምም፤ ከጎን ነው የሚቆመው። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ እናቶችና ልጆችም በዚያው መስመር ላይ እንዳይቀመጡ በመልሳችን መጨረሻ ላይ አስምረንበታል።