ለባንኩ የጻፍነው ደብዳቤ

ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል የተሰረዘችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው ግን ጥቅምት ላይ ስለተነገረ፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሁለቱን ወር በጭንቀት ነው ያሳለፈው። ባለቤቴ በአንዱ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ ነበረች። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ የስንብት ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የጠየቀችኝ፣ “የባንኩስ ነገር እንዴት ይሆናል?” ብላ ነበር።

ቤታችንን የገዛነው በባንክ ብድር ነው። የጥር ወር ክፍያ ከተነሳ በኋላ 600,000 ብር ዋና ዕዳ ይቀረን ነበር። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ የቀረው ዘመን አሥር ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 9,680 ብር። የእሷ ደመወዝ 14,000 ነበር፣ እኔ መምህር ነኝ። የእኔ ገቢ ብቻውን ለቤት ወጪና ለልጆቹ ከዋለ በኋላ ለባንክ የሚተርፈው ግፋ ቢል 4,000 ብር ነበር።

ፋብሪካው በሕጉ መሠረት ከፍሏታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የወሩ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል። በሠራተኛ ቅነሳ ለወጣ ሰው የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። አራት ዓመት ስለሠራች ሁሉም ተደምሮ ግብር ሳይነሳለት 56,000 ብር ሆነ። ዘመዶቻችን በገንዘቡ ሱቅ ክፈቱ፣ ዶሮ አርቡ ይሉን ጀመር። እሷ ግን ብሩን አልነካም አለች።

ፋታ የመጠየቁን ሐሳብ ያመጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ በባንክ የብድር ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ማታ እቤታቸው ሄደን ሐሳባችንን ነገርናቸው። ባለቤቴ ስድስት ወር ምንም ሳንከፍል እንድንቆይ ልትጠይቅ ነበር ያሰበችው። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው፣ “ልጄ፣ ባንኩ የሚፈራው አንቺን አይደለም፣ ቀኑን ነው” አሏት።

ቀኑ ያሉት የብሔራዊ ባንክን መመሪያ ነው። አንድ ብድር ክፍያው 30 ቀን ካለፈው በልዩ ክትትል ይመደባል። 90 ቀን ከሞላው ደግሞ ከተበላሹት ብድሮች ጋር ይቆጠራል። ያን ጊዜ ባንኩ ለብድሩ ከፍ ያለ መጠባበቂያ መያዝ ይኖርበታል፣ የተበዳሪውም ስም በብድር መረጃ ማዕከል በኩል ሌላ ባንክ ሲጠይቅ እንደዚያው ሆኖ ይታያል። ከዚያም ሲያልፍ አዋጅ ቁጥር 97/1990 አለ፤ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። “ስለዚህ ደብዳቤያችሁ አንድም ክፍያ ሳያልፋችሁ መግባት አለበት” አሉ። “ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ንጹሕ ብድር ሆኖ ይቅረብ።”

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ወለዱን አሰሉልን። በ600,000 ብር ላይ የ15 በመቶ ወለድ በወር 7,500 ብር ነው። ከምንከፍለው 9,680 ውስጥ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 2,180 ብቻ መሆኑን እኔ ያየሁት ያን ማታ ነው። ስንት ዓመት ስንከፍል ዕዳው ለምን ንቅንቅ እንደማይል ገባኝ። ምንም ካልከፈልን በስድስት ወር ውስጥ ወለዱ ብቻ 45,000 ብር ይጠራቀማል። ያንን ኮሚቴው አይቀበልም፤ ወለድ የማይገባበት ብድር ለእነሱ እየተበላሸ ያለ ብድር ነው። ወለዱን እየከፈልን ዋናው ይቁምልን ብንል ግን ቀኑ አይቆጠርብንም፣ ዕዳውም አያድግም።

7,500ው ከየት ይመጣል? 4,000 ከእኔ ደመወዝ፣ 3,500 ከስንብት ክፍያዋ። ለስድስት ወር ከስንብቱ የሚወጣው 21,000 ብር ነው። ደብዳቤው የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

የሰፈር ማመልከቻ ጸሐፊ ቢሆን ሁለት ገጽ ሙሉ ችግራችንን ይዘረዝርልን ነበር። ጋሼ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ አዘዙን። “ጉዳዩ፦ የብድር ክፍያ የእፎይታ ጊዜና የመክፈያ ዘመን ማራዘሚያ ስለመጠየቅ” ብለን ጀመርን። የብድሩ ቁጥር፣ የውሉ ቀን፣ እስከዛሬ ያልተከፈለ ውዝፍ እንደሌለብን፣ ሥራው በምን ምክንያትና መቼ እንደተቋረጠ ተከተለ። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦

“ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወርሃዊ ወለዱን ሙሉ በሙሉ እየከፈልን የዋናው ብድር ክፍያ እንዲቆይልን፣ ከነሐሴ ጀምሮም የመክፈያ ዘመኑ በሦስት ዓመት ተራዝሞ አዲስ የክፍያ ሠንጠረዥ እንዲዘጋጅልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በእፎይታው ወራት ክፍያው የሚሸፈነው ከዚህ ጋር በተያያዘው ማስረጃ መሠረት ነው።”

የስንብት ደብዳቤዋን፣ የስንብት ክፍያውን ዝርዝር፣ የእኔን የደመወዝ ማረጋገጫ፣ የሁለታችንን የሦስት ወር የሂሳብ መግለጫ አያያዝን። ቤቱ የጋራ ሀብታችን ስለሆነ ሁለታችንም ፈረምን። በሁለት ቅጂ አትመን ቅርንጫፉ ወሰድን፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርገን ይዘን ተመለስን። ይህ ማኅተም ቀላል ነገር አይደለም። መዝገብ ቤት ያልገባ ደብዳቤ ጠፋ ቢባል በእጅ ምንም አይቀርም።

ቅርንጫፉ የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ኮሚቴ ይልካል። መልሱ ሳይመጣ የጥር ክፍያ ደረሰ። ማመልከቻ ማስገባት ቀኑን እንደማያስቆመው ጋሼ አስጠንቅቀውን ስለነበር 9,680ውን ከስንብቱ አውጥተን ከፈልን። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የነበረች ልጅ መልሱን ስትጠብቅ ሳትከፍል ቆይታለች። የእሷ ጉዳይ ሲታይ መጀመሪያ ውዝፉን ከነቅጣቱ ክፈይ ተባለች፤ ሥራ ለሌላት ልጅ ያ ከፋታው የራቀ ነገር ነበር። እስካሁን ስለ እሷ ሳስብ ያንገበግበኛል፤ የጎደላት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፣ በጊዜው የሚነግራት ሰውም ጭምር ነው።

ኮሚቴው ጥያቄያችንን ተቀበለ። ተጨማሪ ውል ለመፈረም ስንጠራ አዲሱን ሠንጠረዥ ሰጡን፤ ከነሐሴ ጀምሮ 150 ወር፣ በየወሩ 8,877 ብር። ከድሮው የሚቀንሰው 803 ብር ብቻ ነው። ባለሙያዋን አጠቃላዩን እንድታሳየን ጠየቅናት። በድሮው ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ በአሥር ዓመት 1,161,600 ብር እንከፍል ነበር። በአዲሱ፣ የስድስቱ ወር ወለድ ሲጨመር፣ ወደ 1,376,600 ይጠጋል። የፋታው ዋጋ 215,000 ብር ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን አይታ ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያ፣ “አቅም ስናገኝ ጨምረን ብንከፍል ቅጣት አለው?” ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋ እንደሌለው ነገረችን። ይህ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ለመንናት፤ ወረቀቱን መልሳ አስገብታ አንድ መስመር አስጨመረችልን። ያኔ ነው የፈረምነው።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አገኘች፣ ደመወዙ ከፋብሪካው ያንሳል። ነሐሴ ላይ የመጀመሪያውን 8,877 ከፈልን። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የድሮውን 9,680 መክፈል ቀጠልን። ትርፉ 803 ብር ለዋናው ዕዳ መዋሉን በየሦስት ወሩ የሂሳብ መግለጫ እያወጣን እናያለን።