ይቅር የሚለው ቃል ለማን ነው?

በአማርኛ ይቅር የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው በደል ይሰረይ፣ ምሕረት ይሁን ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ነገሩ ይተው፣ አይነሣ ማለት ነው። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለው ኅብረ ቃል የተወደደ ነው፤ ሰሙን በላይ፣ ወርቁን ከሥር አድርጎ በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ያስተናግዳልና። ወዳጁን በድሎ ይቅርታ ለሚለምን ሰው ግን ይኸው ቃል ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

በጎጃም ከነበሩ የቅኔ ጉባኤዎች በአንዱ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር። አኮፋዳቸውን አንግተው በአንድነት ይለምናሉ፤ ያገኙትንም ቁራሽ ተካፍለው ይበላሉ። ከዕለታት አንድ ቀን አንደኛው በጉባኤ መካከል ቅኔ አቀረበ፤ መምህሩም እጅግ አመሰገኑት። ያን ጊዜ ጓደኛው ተነሥቶ፣ «ይህ ቅኔ የራሱ አይደለም፤ የሌላ ነው» አለ። ቅኔ ለየጊዜው አዲስ ሆኖ የሚቆጠር እንጂ የሌላው ቅኔ እንደ ራስ የሚነገር አይደለምና፣ ለተማሪ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ተከሳሹ ቃል ሳይመልስ ወጣ፤ ማታም ከሌላ ጎጆ አደረ።

ከሳሹ ግን ቅኔው የጓደኛው መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሌሊቱን ሲቆጥረው በዓይኑ አይቷልና። ቀን ባለፈ ቍጥር ጸጸቱ በረታበትና እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ይህን ጽፎ ለመምህሩ አሳየ፤

ወዳጅ ከወዳጁ ቢጋጭ ቢቀያየም፣
ያለፈው ይቅርና እንኑር ለዘላለም።

መምህሩ አንብበው፣ «ልጄ፣ ቤቱ መትቷል፤ ይቅርታው ግን የለበትም» አሉት። «ወዳጅ ከወዳጁ ቢጋጭ ስትል ሁለታችሁ የተጋጫችሁ አስመሰልኸው፤ በዳዩ ማን ነው? ቢጋጭ ማለትህስ፣ ነገሩ መደረጉን ትጠራጠራለህን? ይቅርና ያልኸውም ሰሙ ምሕረት ነው፤ ወርቁ ግን ነገሩ ይተውልኝ፣ አይነሣብኝ ነው። እርሱ ወርቁን መፍታት የሚያቅተው ይመስልሃልን?»

ተማሪው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «እንግዲያስ በግእዝ ልቁጠረው፣ የኔታ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሆንም» አሉት። «ግእዙን ሲሰማ እንደ ልማዱ ወርቅ ፍለጋ ይሄዳል፤ በደልም ተፈልጎ የሚገኝ መሆን የለበትም። በአማርኛ፣ በግልጥ፣ የተናገርኸውን ቃል፣ የተናገርህበትን ቦታና ያናገረህን ምክንያት ጻፍ። እርሱ ያደረገብህ ነገር ቢኖር ግን አታንሣ፤ ያ የእርሱ ድርሻ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ተማሪው እንደ መወድስ በስምንት ቤት ይህን ይዞ መጣ፤

የሌላ ነው ያልሁት በጉባኤው መሐል፣
ቅኔው ያንተ ነበር፣ ሐሰት ነው ያልሁት ቃል።
ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ስትቆጥር ያየሁህ፣
እኔ ነኝ ምስክር፣ እኔው ሌባ ያልሁህ።
ምስጋናህ በዛና ቅንዓት አቃጠለኝ፣
ይኸው ነው በደሌ፣ ሌላ ምክንያት የለኝ።
በሰማው ሰው ፊት ነው ቃሌን የምመልስ፣
አንተ ግን አትቸኩል፣ ልብህ እስኪታደስ።

በዚህ ግጥም ውስጥ ይቅር የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልገባም። መምህሩ ይህን አይተው ደስ አላቸው። በዳይ በደሉን ይናገራል እንጂ ምሕረቱን ከተበዳዩ አፍ ነጥቆ አይናገርም፤ ያ ቃል የተበዳዩ ገንዘብ ነውና። ግጥሙ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ አለው ከተባለም ወርቁ በአራተኛው ቤት ያለው ነው፤ ሐሰተኛ ከሳሽ የነበረው ራሱ እውነተኛ ምስክር ሆኖ ቆሟልና።

ስሕተቱ በጉባኤ ስለ ሆነ ግጥሙም በዚያው ጉባኤ ተነበበ። በስውር የተበደለን ሰው በአደባባይ መካስ ሁለተኛ ማሳፈር ይሆናል፤ በአደባባይ የተሰደበን ሰው በስውር መካስ ደግሞ ስሙን ሳያነጹ መተው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባውን ያመጣ ሰው አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ መታዘዙም፣ ሄዶ ያን የተቀየመውን ወንድም ራሱን እንዲያገኝ ነው።

ተበዳዩ በዚያ ቀን መልስ አልሰጠም፤ ግጥሙም አትቸኩል ብሎት ነበርና ማንም አላስገደደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቅኔ ቆጠረ። ወደ ጉባኤ ሳያወጣው በፊትም ሌሊት ወደ ቀድሞው ጎጆ መጥቶ፣ «ይህን ስማልኝ፤ ስሕተት ካለበት ንገረኝ» አለው። ይቅር የሚለው ቃል በዚያች ሌሊትም በሁለቱ መካከል አልተነገረም። ነገር ግን በቅኔው ሌባ ያለውን ሰው የቅኔው የመጀመሪያ ሰሚ አድርጎታልና፣ ምን እንደ መለሰለት ሁለቱም ያውቁ ነበር።