ፍል ውሃ ነው ወይስ የሞቀ ገንዳ?

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጉልበቷን ያማት ነበር። እዚህ ሴንቴኒያል ሂልስ ያለው ቤታችን ፎቅ ነው፣ መኝታ ቤቶቹም ሁሉ ላይ ናቸው። ደረጃውን አንድ በአንድ እያረፈች፣ መደገፊያውን ጨብጣ ስትወጣ ሳያት አንጀቴን በላችው። እኔም የሌሊት ሥራ ስለምሠራ ጀርባዬ አልቆ ነበር። "እማዬ፣ ፍል ውሃ ልውሰድሽ" አልኳት። ፊቷ በራ። ድሮ ልጅ ሆነን በወር አንዴ ፊልውሃ ይዛን ትሄድ ነበር። ወረፋ ይዘን፣ ፎጣችንን በፌስታል አንጠልጥለን፣ ታጥበን ስንወጣ እንቅልፋችን ይመጣ ነበር።

ስልኬ ላይ ፈልጌ አንድ ቆንጆ ቦታ አገኘሁ። ማስታወቂያው "በተፈጥሮ ማዕድናት የበለጸገ ውሃ፣ ከሰውነት መርዝ የሚያስወጣ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስታግስ" ይላል። ዋጋው ለአንድ ሰው 89 ዶላር ነው ተባለ። ለሁለታችን የአገልግሎት ክፍያና የጋውን ኪራይ ሲጨመርበት 230 ገባ። በዚህ ላይ የተሰጠን ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ልብስ መቀየሩ፣ ሻወሩና "ገለጻው" ሲቀነስ ውሃው ውስጥ የቆየነው ሃምሳ ደቂቃ ቢሆን ነው።

እናቴ ገና ከበሩ ስንገባ አፍንጫዋን ያዘች። "ይሄ የበረኪና ሽታ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። እኔ አፈርኩ፣ እሷ ግን አላፈረችም። "ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ጠይቂልኝ" አለች። ሠራተኛው ልጅ ጨዋ ነው፣ ሳይደብቅ ነገረን፦ የከተማው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ሞቆ የማዕድን ጨው ይጨመርበታል።

ማስታወቂያውን እንደገና ሳነበው ውሸት አላገኘሁበትም። "ፍል ውሃ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። "በማዕድን የበለጸገ" ነው የሚለው፤ "የበለጸገ" ማለት ሰው የጨመረበት ማለት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ከቧንቧችን የሚወርደው የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ራሱ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሞላበት መሆኑ ነው። ሻወራችን መስታወት ላይ የሚጋገረው፣ በየሳምንቱ በኮምጣጤ የምንፈገፍገው ነጭ ነገር እሱ ነው።

የባሰው በኋላ መጣ። ገንዳው 104 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። እናቴ ጠዋት የደም ግፊት ክኒኗን ውጣለች፣ ውሃ ግን እምብዛም አልጠጣችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አለችና "በቃኝ" ብላ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመ። ባልይዛት ኖሮ ድንጋዩ ላይ ትወድቅ ነበር። አስቀምጠን ውሃ ስናጠጣት ተመለሰላት። ሐኪሟ በኋላ ሲያስረዳን፣ ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል፣ ክኒኑም ያወርዳል፣ ድንገት መነሳትም ያወርዳል፣ ሦስቱ ሲገናኙ ደሙ ወደ ጭንቅላት ሳይደርስ ይቀራል አለን። የኔቫዳ ደረቅ አየር ሳናውቀው ውሃችንን ሲጨርሰው ደግሞ ይብሳል። ለእሷ የተፈቀደላት ከ102 ያልበለጠ ሙቀት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ መነሳት ነው። 104 ጤነኛ አዋቂም ሊያልፈው የማይገባ ጣሪያ ነው። እርጉዝ ሴትና ትንንሽ ልጆች ከእንዲህ ያለ ሙቅ ገንዳ ቢቀሩ ይሻላል።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ለየሁት። ሙቅ ውሃ የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም አለ፦ የተያዘ ጡንቻ ይፈታል፣ ውሃው ክብደታችንን ስለሚሸከም ጉልበት ያርፋል። ይህን ለማግኘት ግን ማዕድኑ የግድ አይደለም። "መርዝ ያስወጣል" የሚለው ደግሞ ባዶ ወሬ ነው። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ትኬት አይቆርጡም።

እናቴ ግን እውነተኛ ፍል ውሃ ሳታይ አትመለስም ብዬ በኅዳር ወር፣ በሥራ ቀን፣ ቴኮፓ ወሰድኳት። ከፓህራምፕ አልፎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች ትንሽ የበረሃ መንደር ናት። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ደወልኩ። ውሃው ከመሬት ነው የሚወጣው? አዲስ ውሃ እየገባ አሮጌው ይወጣል ወይስ ያው ውሃ ይዞራል? ካልወጣ በስንት ጊዜው ይለወጣል? ዛሬ ሙቀቱ ስንት ነው? ሁሉም ነገር ተጨምሮ ሒሳቡ ስንት ይመጣል? የሚያውቅ ቦታ እነዚህን በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል። "ዌብሳይታችን ላይ አለ" ካለኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ቴኮፓ ጌጥ የለም። የሲሚንቶ ክፍል፣ ገንዳ፣ ዝምታ። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ ሳይታጠቡ አይገባም፣ የዋና ልብስም የለም። እኔ ስሽኮረመም እናቴ "እንደ ፊልውሃ ነው!" ብላ ቀድማኝ ገባች። ውሃው በእጅ ሲነካ ያሟልጫል፣ የሳሙና ያህል። ጭንቅላቷን ልትነክር ስትል ግን ከለከልኳት። በዚህ አካባቢ ሙቅ ምንጮች ውስጥ በአፍንጫ ገብታ አንጎል የምታጠቃ አሜባ ልትኖር ትችላለች። እምብዛም አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ገዳይ ነው። በሌክ ሚድ ፓርክ ያሉት ፍል ውሃዎች ላይ ራስን አትንከሩ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ቢጠጣ አያደርስም፣ መንገዱ አፍንጫ ነው። ጸበል እንደምንጠመቀው በራስ ላይ ማፍሰስ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

የከፈልነው ከመጀመሪያው ቦታ ሲሶውን አይሆንም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ገደማ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጉልበቷ እንደገና ደረቀ። ማታ እንደ ሕፃን ተኛች፣ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ። ቴኮፓ ደስታ ሰጣት፣ ፈውስ አልሰጣትም። ለጉልበቷ የበጃት ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያት እንቅስቃሴ ነው።

የቀረውን ቤታችን ጨረስነው። የ12 ዶላር የውሃ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ ገንዳው ወለል ላይ የሚያንሸራትት እንዳይሆን ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ አስተከልኩ። በ102 ዲግሪ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከመኝታ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት። ሰዓቱ ትርጉም አለው። በ2019 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቆዩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው በአማካይ አሥር ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይተኛል። ምክንያቱም ሰውነት እጅና እግር ላይ የመጣውን ሙቀት አውጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው እንቅልፍ የሚመጣው። እኔም ከሌሊት ሥራ ጠዋት ስመለስ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ መጋረጃውን ዘግቼ እተኛለሁ።

እማዬ በጥር ተመለሰች። በነጋታው ስትደውል "ቴርሞሜትሩን ፈልገሽ እንዳትደክሚ" አለችኝ። ሻንጣዋ ውስጥ ከታው ሄዳለች፣ ፊልውሃ ልትለካበት።